ፔቲ ካሹ ልክ 15,000 መጣ፣ ግን አንዱ ደረሰኝ ሁለቴ ተከፍሎበታል

የውስጥ ኦዲተር ነኝ፣ ድርጅታችን የኮንስትራክሽን እቃ ነው የሚሸጠው፣ ዋናው ቢሮ ደሴ ነው፣ ሱቁና መጋዘኑ ኮምቦልቻ። የኮምቦልቻው ፔቲ ካሽ ፍሎት፣ ማለትም ለትናንሽ ወጪ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ቋሚ ብር፣ 15,000 ብር ነው። ስሌቱን ታውቁታላችሁ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብርና ካለፈው ሪፕሌኒሽመንት፣ ማለትም የወጣው ብር ተተክቶ ሳጥኑ ከሞላበት ቀን፣ ወዲህ የተከፈለባቸው ቫውቸሮች ሲደመሩ በየትኛውም ቀን በየትኛውም ሰዓት 15,000 መምጣት አለበት። ብዙ ሰው ድምሩ ልክ ሲመጣ ፋይሉን ይዘጋል፣ እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ግን ልክ ከመጣ በኋላ ስላለው ስራ ነው።

ሳልነግራቸው ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ነው የደረስኩት። ገንዘብ ያዧ እትዬ የምላቸው ትልቅ ሴት ናቸው፣ ለቆጠራ እንደመጣሁ ስነግራቸው «አብሽር ልጄ፣ ና ግባ» ብለው ካዝናውን ከፈቱ። ካዝናው ውስጥ የትናንት የሽያጭ ብርም ነበር፣ እና ፔቲ ካሹን ከመንካታችን በፊት የሽያጩን ብር ኤንቨሎፕ ውስጥ ከትተን አሽገን ሁለታችንም ፈረምንበት። ይሄን የማደርገው እሳቸውን ስለጠረጠርኩ አይደለም፣ ሁለት አይነት ብር የሚይዝ ሰው ጋ አንዱን ብቻ ከቆጠርክ የጎደለው ከሌላኛው ተሞልቶ ሊሆን ስለሚችል ቆጠራው ምንም አያሳይህም። ኤንቨሎፑን በኋላ ከሽያጭ ደረሰኞቹ ጋር አስታረቅኩት፣ ልክ ነበር።

ብሩን የቆጠሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ እያየሁ እጽፋለሁ። ባለ 200 16፣ ባለ 100 8፣ ባለ 50 4፣ ባለ 10 8፣ ባለ 5 አንድ፣ ድምር 4,285 ብር። ቫውቸር ሳንደምር የቆጠራ ቅጹ ላይ ፈረሙ፣ ይሄ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ቫውቸሩ መጀመሪያ ከተደመረ ስንት ብር መገኘት እንዳለበት ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ከዛ በኋላ «ቆይ እዚህ መሳቢያ ውስጥም ነበረኝ» የሚል ነገር ይመጣል።

ከዛ የቫውቸር ፓዱን ያዝኩ። ካለፈው ሪፕሌኒሽመንት ወዲህ ከ0431 እስከ 0458 ተጽፎበታል፣ ቁጥሩ ሳይዘል ይሄዳል፣ ሁለቱ ቮይድ ናቸው ዋናውም ካርቦን ኮፒውም ፓዱ ላይ እንዳለ ነው። ያልተጻፈበትንም እስከ መጨረሻው ገልጬ አየሁ፣ ከመሀል ተቀዶ የወጣ ቅጠል የለም። ድምሩ 10,535 ብር መጣ፣ ከ4,285 ጋር 14,820፣ 180 ብር ጎደለ።

180 ለ9 ይካፈላል። ልዩነት ለ9 ሲካፈል መጀመሪያ የምፈልገው ቦታ የተቀያየሩ ሁለት አሃዞችን ነው፣ ሁልጊዜ አይሰራም ግን ቶሎ ስለሚፈተሽ ከሱ እጀምራለሁ። በየቫውቸሩ በአሃዝ የተጻፈውን በፊደል ከተጻፈው ጋር ሳስተያይ ለጽዳት እቃ የተከፈለበት 0446 ላይ በአሃዝ 350፣ በፊደል ደግሞ አምስት መቶ ሰላሳ ይላል፣ የተያያዘው ደረሰኝም 530 ነው። ስለዚህ የቫውቸሩ ድምር 10,715 ሆነ፣ ሲደመር 4,285፣ ልክ 15,000። እትዬ «አልሀምዱሊላህ» አሉ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ግን ስራዬ ገና ግማሹ ነበር። ምክንያቱም ድምሩ የሚነግረኝ ሳጥኑ ውስጥ የጎደለውን ብር የሚሸፍን ወረቀት አለ ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ትክክለኛ ይሁን አይሁን አይነግረኝም።

እና ከቫውቸሮቹ ወደተያያዙት ደረሰኞች ሄድኩ። እዚህ ጋ አንድ የኛ አገር ነገር አለ፣ ቫውቸሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፣ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኙ ግን በፈረንጅ ነው የሚታተመው፣ እና ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው አይን አይይዛቸውም፣ አስልተህ ካልሆነ የወር ልዩነት ቢኖርም አይታይህም። ቫውቸር 0452 ግንቦት 12፣ 2016 ይላል፣ ለጽህፈት መሳሪያ 1,840 ብር። ደረሰኙ ላይ 26/04/2024 ታትሟል፣ ይሄ ሚያዝያ 18 ነው። የመጨረሻው ሪፕሌኒሽመንት ደግሞ ግንቦት 5 ነው የተደረገው። ማለትም ደረሰኙ ካለፈው ዙር በፊት የነበረ ነው።

ይሄ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ ሹፌር ወይ ገዢ ደረሰኝ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ዘግይቶ ሊያመጣ ይችላል። ግን ደረሰኙን ከቫውቸሩ ለቅቄ ብርሃን ላይ ሳየው ጫፉ ላይ ሁለት ጥንድ የስቴፕለር ቀዳዳ አለው፣ ቫውቸሩ ግን አንድ ጥንድ ብቻ። ደረሰኙ ከዚህ በፊት ሌላ ወረቀት ላይ ተያይዞ ነበር ማለት ነው። ያለፈውን ዙር ፋይል አስወጣሁ፣ ቫውቸር 0417 የጽህፈት መሳሪያ 1,840 ብር፣ ቀዳዳው አለ ደረሰኙ የለም። የቀረው ማረጋገጫ ያለፈው ዙር የሪፕሌኒሽመንት መጠየቂያ ዝርዝር ነበር፣ ደግነቱ ደሴ ያለው ሒሳብ ክፍል የደረሰኙን ኤፍ ኤስ ቁጥር፣ ማለትም ማሽኑ ደረሰኙ ላይ የሚያትመውን መለያ ቁጥር፣ ይመዘግባል፣ ደውዬ አስነበብኩ፣ አንድ አይነት ቁጥር ነው።

ስለዚህ ስሌቱን እንደገና ሰራሁት። 0452 ከወጣ ትክክለኛው ቫውቸር 8,875 ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ 6,125 መኖር ነበረበት፣ ያለው 4,285፣ ጉድለቱ 1,840። እትዬ ብሩን ለአንድ ገዢ ሰራተኛ እንደሰጡት ነው የነገሩኝ፣ ቫውቸሩ ላይም የተቀባይ ፊርማው አለ። ደረሰኙን ከፋይል ማን እንዳወጣው ወረቀቱ አያሳይም፣ ስለዚህ ሪፖርቴ ላይ ያየሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት፣ የሁለቱን ቫውቸር ቁጥር፣ ቀኖቹን፣ ቀዳዳውን፣ ኤፍ ኤስ ቁጥሩን፣ የእሳቸውንም ቃል በራሳቸው አባባል አስፈርሜ። ሰው ሌባ ነው ብሎ መጻፍ የኦዲተር ስራ አይደለም፣ በዛ ላይ ፋይሉ የነበረበት መደርደሪያ ቁልፍ የለውም፣ ማንም ይደርስበታል።

ሁሉንም አገኘሁ አልልም። ለጫኝና አውራጅ፣ ለባጃጅ የሚከፈለው ደረሰኝ የለውም፣ እዛ ላይ ያለኝ የተቀባይ ፊርማና ስልክ ቁጥር ነው። የጫኞቹን ከመጋዘኑ የእቃ መረከቢያ ጋር በቀን በቀን አገናኘሁት፣ መኪና ባልገባበት ቀን የተከፈለ የማውረጃ ሒሳብ የለም፣ ዋጋው ትክክል ነው ወይ የሚለውን ግን ከወረቀት ማወቅ አልቻልኩም።

ከዛ በኋላ የተቀየረው፣ እትዬ ብር ሲከፍሉ ያኔውኑ ቫውቸሩም ደረሰኙም ላይ «ተከፍሏል» የሚል ማህተም ይመታል፣ ቫውቸሩ ላይ ብቻ ከተመታ ደረሰኙ ተነጥሎ ሊመለስ ይችላል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቶሎ ስለሚደበዝዝ ኤፍ ኤስ ቁጥሩንና የፈረንጁን ቀን ቫውቸሩ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ከ15 ቀን በላይ የቆየ ደረሰኝ ደግሞ ያለ ማናጀሩ ፊርማ አይከፈልበትም። 1,840ው አሁን ሒሳብ ላይ በተሰብሳቢ ተይዟል፣ ፍሎቱ ወደ 15,000 የተመለሰው ያንን ለይተን ከመዘገብን በኋላ ነው።