«አይተናል» አይበቃንም

አክስቴ ለቤተሰቡ የዋትስአፕ ግሩፕ እንድለጥፈው የላከችልኝ ረቂቅ ይኸውና፦ «ውድ ቤተሰቦች፣ በጣም ተጠፋፍተናል። በቅርቡ ሁላችንም የምንገናኝበት ዝግጅት ስላሰብን፣ ሁላችሁም እንደምትገኙ ተስፋ እናደርጋለን። እባካችሁ አሳውቁን።»

ከልብ የመጣ መልእክት ነው። ግን እንዲህ እንዳለ ብለጥፈው ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ይታየኛል። አሥራ ምናምን ልብ ይለገሳል። ሁለት ሦስት «አሜን» ይመጣል። አንዱ የአጎቴ ልጅ የሚያጨበጭብ ስቲከር ይልካል። ከዚያ ጭጭ። አክስቴ ደግሞ ለስንት ሰው ወንበር እንደምታዘጋጅ ሳታውቅ ትቀራለች።

ግሩፑ ውስጥ ወደ 60 እንጠጋለን። ከባዱም ነገር እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ተማሪዎች ለየብቻቸው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በድምፅ መገናኛ ያወራሉ። ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ በመሃል የሚጥል በሽታ የተነሳበት ያስመስላል። ድምፁን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ተማሪዎች መካከል 85 በመቶው ልጁ ድምፁ ሳይጠፋ ለእርዳታ ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብለው ካሰቡት ግን የወጡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታሞ የሚጮህን ሰው «ሌላው ይድረስለት» ካልን፣ «እባካችሁ አሳውቁን» የሚለውንማ ለሌላው ብንተወው ምን ይገርማል? «ሁላችሁም» የሚለው ቃል ውስጥ ራሱን የሚያገኝ ሰው የለም።

ስለዚህ መልእክቱን በየቤቱ ልከፍለው ነው። ሰው በስሙ ሲጠራ ዝም ማለት ይከብደዋል። ስድሳ ስም መደርደር ግን የስም መጥሪያ ይመስላል። የተሻለው ከየቤቱ አንድ ሰው መጥራት ነው፤ ለቤቱ ሁሉ የሚመልሰው እሱ ይሆናል። ስሙ ላይ @ ሲደረግበት ደግሞ ግሩፑ መሃል የተጠራው እሱ መሆኑን ያያል። የእኛ ግሩፕ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚጮህ ግማሹ ሰው ድምፁን ዘግቶታል፤ አልፈርድባቸውም።

ሁለተኛ፣ «በጣም ተጠፋፍተናል» የሚለው ይወጣል። አክስቴ በፍቅር ነው ያለችው። ለዓመታት ድምፁ ያልተሰማ ዘመድ ግን ወቀሳ አድርጎ ያነበዋል። ለመመለስ ሲነሳ መጀመሪያ የት እንደጠፋ ማስረዳት ያለበት ይመስለዋል። ማስረዳቱ ሲከብደው ነገ እመልሳለሁ ይላል። ነገ ደግሞ መልእክቱ በሌላ ወሬ ተቀብሯል። የምንፈልጋቸው እነዚህኑ ሩቅ ያሉትን ሰዎች ከሆነ፣ በሩ ላይ ጥያቄ አናቁምባቸው።

ሦስተኛው ነገር ቁጥር ነው። ወንድሜ «የዋትስአፕ ምርጫ ክፈትና ገላግለን» አለኝ። ምርጫው ግን ማን እንደነካው እንጂ ከስንት ሰው ጋር እንደሚመጣ አይነግረኝም። አንዲት የአጎት ልጅ «እመጣለሁ» የሚለውን ስትነካ አንድ ድምፅ ነች፤ ስትመጣ ግን ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር አምስት ናት። ሌላም አለ። ማን ምን እንደመረጠ ለሁሉም ይታያል። ጉዞው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው «አልመጣም» የሚለውን በዘመድ ሁሉ ፊት ከሚነካ ዝም ማለትን ይመርጣል። ለእሱ የውስጥ መስመር ክፍት መሆን አለበት። እሱም በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ «እንደፈለጋችሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ምሽቱን አክስቴ ጋር ስንከራከር ቆይተን የተስማማንበት ይህ ነው፦

«ቤተሰቦቻችን፣ እንደምን አላችሁ? ቅዳሜ ሐምሌ 11 ከጠዋት ጀምሮ እኔ ቤት እንሰበሰባለን። የአያታችን ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የእነሱም ልጆች ሁሉ ተጠርታችኋል። ብዙዎቻችሁን በአካል አላውቃችሁም፤ ዋናው የጠራሁበት ምክንያትም እሱ ነው። ምንም ይዛችሁ እንድትመጡ አልፈልግም። ወንበርና መኝታ ለማዘጋጀት ግን እስከ ሰኔ 20 ቁጥራችሁን ማወቅ አለብኝ። ስንት አዋቂ፣ ስንት ልጅ፣ ማደሪያ ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም? ይህችን ብቻ ጻፉልኝ። «ገና አላወቅኩም» ካላችሁም መልስ ነው፤ እጽፈዋለሁ። ግሩፑ ላይ መጻፍ ያልፈለገ በውስጥ መስመር ይላክልኝ። መምጣት የማይችል ሰው ምክንያት አይጠየቅም፤ ድምፁን ብቻ ያሰማን።»

በዚህ ላይ ከየቤቱ የተመረጡት ሰዎች ስም ከሥር ይገባል። «በቅርቡ» የሚለውን ቆርጬ ቀኑን ከነወሩ ስሙ ያስገባሁት አውቄ ነው። «የሚቀጥለው ቅዳሜ» ቢባል፣ መልእክቱን ከሳምንት በኋላ የሚከፍተው ሰው ሌላ ቅዳሜ ያነባል። የመልሱ ቀንም ምክንያቱ አብሮት አለ። ምክንያት የሌለው ቀነ ገደብ ትእዛዝ ይመስላል፤ ወንበርና መኝታ ግን ማንም ይገባዋል።

አክስቴ አንድ መስመር ላይ ክፉኛ ተከራከረችኝ። «‹ብዙዎቻችሁን አላውቃችሁም› ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? ነውር አይደለም?» አለች። እኔ ደግሞ ከመልእክቱ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ግሩፑ ውስጥ በስልክ ቁጥር ብቻ የሚታዩ፣ ማን አስገብቷቸው እንደመጡ የማይታወቅ አሉ። የማን ልጅ እንደሆኑ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እነሱም «በእርግጥ እኛን ይጨምራል?» እያሉ ይሆናል። አለመተዋወቃችንን ራሷ ጠሪዋ ካነሳችው ግን እነሱ የሚያፍሩበት ነገር አይኖርም። በመጨረሻ «እሺ፣ ካልክ ይሁን» አለችኝ። ቅር እንዳላት ግን ከድምፅዋ ያስታውቃል።

መልእክቱን በድምፅም እንድትቀዳው ለምኛታለሁ። ረጅም ጽሑፍ ማንበብ የሚያደክማቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ። ደግሞ የእሷን ድምፅ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው እስቲ አያለሁ።

የመጀመሪያው መልስ ለዕድል አይተውም። ከእኛ ቤት ሰው ቀድሞ ቢመልስ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ማንንም አያንቀሳቅስም። ስለዚህ ሩቅ ከሚኖሩት አንዷን ዘመዳችንን አስቀድሜ በውስጥ መስመር አነጋግሬያታለሁ። መልእክቱ እንደወጣ «ሁለት አዋቂ፣ አንድ ልጅ፣ ማደሪያ እንፈልጋለን» ብላ ትጽፋለች። ሌላው አጻጻፉን ከእሷ ያያል። ስቲከር ብትልክ ግን ሁሉም ስቲከር ይከተላል፤ እሱን አደራ ብያታለሁ።

ዝም ያሉትን በተመለከተ፣ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ የላክኸውን መልእክት ማን እንዳነበበው በዝርዝር ያሳያል። ሰማያዊው ምልክት የሚመጣው ሁሉም ካነበቡ በኋላ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከዚያ በፊትም ይከፈታል። ያንን ዝርዝር የምፈልገው ሥራዬን ለመከፋፈል እንጂ «አይታችሁ ዝም አላችሁ» ለማለት አይደለም። ያላነበቡት ላይ ስልክ ይደወላል፤ ምናልባት ቁጥር ቀይረዋል። አንብበው ዝም ያሉትን በየግል እጽፍላቸዋለሁ፤ ያውም «ማደሪያ ላዘጋጅላችሁ ወይ?» ብዬ። «ትመጣላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ውሳኔ ይጠይቃል። የማደሪያው ግን ቀላል ስለሆነ ወሬ ይከፍታል።

ነገ ጠዋት ይወጣል። መልእክቱን ግሩፑ አናት ላይ ለ30 ቀን እሰካዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። መልሶቹን በደብተር በየቤቱ እጽፋለሁ። «እግዜር ቢፈቅድ እንመጣለን» ላለው ሰው ግን ስንት ወንበር እንደምቆጥር ገና አክስቴን አልጠየቅኳትም።