የናሙና መጠን ላይ 50 በመቶን ለምን አልለቀቅኩም?

የማስተርስ ጥናቴ ጥያቄ ቀላል ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ ባለፈው አንድ ዓመት ከወለዱ እናቶች ውስጥ ስንት በመቶዎቹ ጤና ተቋም ወለዱ? መጠይቁ፣ የቤት ለቤት ምዝገባው፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች ስልጠና ሁሉም ያለ ችግር አለፈ። ፕሮፖዛሉ ግን ናሙና መጠን ላይ ሲደርስ ተገተረ። ያኔ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ንዝንዝ ባልኖረ ነበር።

ሁላችንም የምንጠቀምበት ቀመር ይሄ ነው፦

```
n = 1.96² × p × (1 − p) / d²
```

n የምንጠይቀው ሰው ብዛት ነው፤ 1.96 ደግሞ ከ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚመጣ ቋሚ ቁጥር። d የምንፈቅደው የስህተት ህዳግ ነው፤ እኔ 5 በመቶ ወሰድኩ። p ደግሞ የምንገምተው ድርሻ ነው። እኔ 50 በመቶ ብዬ 385 እናቶች ወጣልኝ። መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ጨምሬ አስገባሁ።

ገምጋሚው መለሰብኝ። «50 በመቶ የሚወሰደው ቀዳሚ ጥናት ሲጠፋ ብቻ ነው። አገራዊው ዳሰሳ አለ። እሱን ተጠቀም» አለኝ። ጊዜው የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ውጤት ያልወጣበት ነበር። የ2011ዱ ደግሞ በጤና ተቋም የሚወልዱት 10 በመቶ ናቸው ይላል። በዚያ ከሄድኩ 139 እናት ይበቃኛል ማለት ነው። ገንዘብ ይቆጥባል፤ ፕሮፖዛሉን የሚያየው ኮሚቴም ደስ ይለዋል።

እኔ ግን እምቢ አልኩ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የዚያኑ ዳሰሳ ቀጣይ መስመር ያነበበ አልነበረም። 10 በመቶው የሁለት በጣም የተራራቁ ቁጥሮች ድብልቅ ነው። በከተማ 50 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ። የእኔ ጥናት ከተማ ውስጥ ነው! በዚያ ላይ ነገሩ በፍጥነት እየተለወጠ ነበር። የ2016ቱ ሲወጣ አገራዊው ቁጥር 26 በመቶ፣ የ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ላይ 48 በመቶ ደረሰ።

ግማሹ ለምን ትልቁን ናሙና ይሰጣል? ሚስጥሩ p × (1 − p) ላይ ነው። ሁሉም እናት ቤቷ የምትወልድበት ቀበሌ ውስጥ አንዷን ብትጠይቁ በቂ ነው፤ የቀሪዎቹን መልስ አውቃችኋል። ግማሽ በግማሽ ሲሆን ግን የቀጣይዋን መልስ መገመት አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ሰው መጠየቅ ግድ ይላል። 0.5 × 0.5 = 0.25 ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። 40 በመቶ ብትወስዱ 0.24 ይሆናል። ከ385 የሚቀንሰው 16 ሰው ብቻ ነው። 10 በመቶ ላይ ግን 0.09 ይወርዳል። እንግዲህ ከ40 እስከ 60 ባለው መሃል ላይ ስለ p መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ኮሚቴውን ያሳመንኩት በክርክር አይደለም። አንድ አጭር ሠንጠረዥ አያያዝኩ፦ 139 እናት ጠይቀን እውነቱ 50 በመቶ ቢሆን የስህተት ህዳጉ 5 ሳይሆን 8.3 ይሆናል። ያን ካዩ በኋላ ዝም አሉ። የጥናቴ ውጤት 58 በመቶ ሆነ፤ ህዳጉም 4.9። በ139 ብሄድ ኖሮ ከ50 እስከ 66 የሚል መልስ ይዤ እቀር ነበር፤ ከግማሽ በላይ መሆናቸውን እንኳ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። በዚህ ውሳኔዬ እኮራለሁ።

ታዲያ የተሻለ ግምት መቼ ይጠቅማል? ድርሻው ከግማሽ በጣም ሲርቅ። ያው የ4 በመቶውን ገጠር ውሰዱ። እዚያ d 5 በመቶ ብላችሁ ብታስቡ ቀመሩ 60 እናት ይላችኋል። ከ60ዎቹ ጤና ተቋም የወለዱት ሁለት ወይ ሦስት ናቸው። ከ4 ላይ የ5 ህዳጉን ስትቀንሱም የታችኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀመሩ ጮኾ አይነግራችሁም፤ ቁጥሩን ሰጥቶ ዝም ይላል። ስለዚህ እዚያ መጥበብ ያለበት d ነው። d 2 በመቶ ሲሆን በ50 በመቶ ግምት 2401 እናት ያስፈልጋል። ይሄን የተማሪ በጀት አይችለውም። በ4 በመቶ ግምት ግን 369 ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ጥሩ ግምት ጥናቱን ያድነዋል።

የእኔ ምክር ገምጋሚው ከነገረኝ መመሪያ ትንሽ ይለያል። አንድ ቀዳሚ ጥናት አግኝታችሁ ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጡ። መጀመሪያ ከእናንተ ሰዎች ጋር መመሳሰሉን እዩ፤ ከተማ ነው ገጠር፣ መቼ ተሠራ? ከዚያ p ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል የቁጥር ክልል አስቀምጡና ለግማሽ የቀረበውን ጫፍ ውሰዱ። ለገጠሩ ከ4 እስከ 8 በመቶ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ 8ን ያዙ፤ በዚያው 2 በመቶ ህዳግ 707 እናት ይሆናል። የቁጥር ክልላችሁ 50ን የሚያቅፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስሌት አያስፈልግም፤ በ5 በመቶ ህዳግ 385 ጻፉ። ገምጋሚው «ቀዳሚ ጥናት አለ» ካላችሁ የክልሉን ሁለት ጫፎች ከነናሙናቸው አያይዙለት።