የሱቅ ዓመታቴን ሲቪ ላይ ማስፈር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጅማ ውስጥ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነበረኝ። አሁን ለአንድ አከፋፋይ ድርጅት የሽያጭ ሱፐርቫይዘርነት ለማመልከት ሲቪ እያዘጋጀሁ ነው። ማስታወቂያው በሽያጭ ሥራ የ4 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ልምዱ አለኝ፤ ልምዱን የሚጽፍልኝ አለቃ ግን አልነበረኝም። እዚህም የራሳችሁን ሥራ ስትሠሩ ቆይታችሁ ወደ ቅጥር ለመግባት የምታስቡ ብዙ ስላላችሁ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ረቂቁን መጀመሪያ ያሳየሁት ለአክስቴ ልጅ ነው። ሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ስለምትሠራ ማመልከቻ ስታጣራ ነው የምትውለው። "ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣ "ይሄ ሱቅ እንደነበረህ ነው የሚነግረኝ። አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራ ነበር?" አለችኝ። ማስታወቂያውን አውጥተን ጎን ለጎን አየነው። እነሱ የሚፈልጉት ትዕዛዝ የሚሰበስብ፣ ዕቃ እንዳያልቅ የሚከታተልና የዱቤ ሒሳብ የሚያስመልስ ሰው ነው። ሱቅ ውስጥ በየቀኑ የምሠራው ይሄንኑ ነበር። ስለዚህ ርዕሱ አሁን "የችርቻሮ ሱቅ ባለቤት፦ ግዥ፣ ሽያጭና የዱቤ አሰባሰብ" ሆኗል። ባለቤት የሚለውን አውጥቼ "የሽያጭ ኃላፊ" ብዬ እንድጽፍ የመከሩኝ ነበሩ። አልተቀበልኩትም። ንግድ ፈቃዱ በስሜ ነው፤ ከማስረጃው ጋር ሲያያዝ ወዲያው ይታያል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ የቀረውንም አያምኑኝም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ቁጥር መምረጥ ነው። አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን የዓመት ሽያጭ ነው። እኔ ተውኩት። ዘይትና ስኳር ሲወደድ የሽያጭ ብር አብሮ ይጨምራል፤ ያ የእኔ ችሎታ አይደለም። በዚያ ላይ ለግብር ካሳወቅኩት ጋር የማይገጥም ቁጥር ብጽፍ ጥያቄ ያስነሳል። አከፋፋይ ድርጅት በጣም የሚያሳስበው በየሱቁ ተበትኖ የሚቀር ዱቤ ስለሆነ፣ እኔም የዱቤ ደብተሬን አወጣሁ።

ጅማና ዙሪያዋን የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። ክረምት ላይ ገንዘብ ይጠፋል፣ ዱቤ ይከማቻል። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ይከፈላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ 2016 በዱቤ የሰጠሁትን ደመርኩ፤ 180,000 ብር መጣ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የተሰረዘውንና ያልተሰረዘውን ለየሁ። ጥር 2017 ሲያልቅ ያልተከፈለው 6,000 ብር ነበር። ሲቪው ላይ የገባው እንዲህ ነው፦

"ለ45 የዱቤ ደንበኞች የዱቤ ጣሪያ ወስኛለሁ። በ2016 ክረምት ከተሰጠው 180,000 ብር 174,000 ብሩን እስከ ጥር 2017 መጨረሻ ሰብስቤያለሁ።"

የአክስቴ ልጅ ይሄን ስታነብ፣ "ጣሪያውን በምን ነበር የምትወስነው ብለው ይጠይቁሃል፤ ተዘጋጅ" አለች። መልሱ አለኝ። አዲስ ደንበኛ ከአንድ ሳምንት አስቤዛው በላይ አይወስድም ነበር። የቀደመውን ሳይከፍል አይጨመርለትም። የሚከፍልበትን ቀን ራሱ ይናገራል፣ እኔም ከስሙ አጠገብ እጽፈዋለሁ። ሲቪ ላይ የሚሰፍር ቁጥር እንዲህ ከኋላው አሠራር ሊኖረው ይገባል። "እንዴት?" ሲባል የሚያስረዳው አሠራር ከሌለ ባይጻፍ ይሻላል። የቀረውን የሱቅ ሥራ፣ ግዥውንም ቆጠራውንም፣ በአጫጭር ሁለት መስመር አለፍኩት።

አሁን ወደ ማስረጃው። እውነተኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

ብዙ የሥራ ማስታወቂያ ላይ "ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት" የሚል መስመር አለ። የሥራ ግብር ማለት ከደመወዝ የሚቆረጠው፣ በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ ሀ የሚባለው ነው። በግሉ የሚነግድ ሰው የሚከፍለው ግን የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ነው፤ እሱ ሠንጠረዥ ሐ ውስጥ ነው። ስለዚህ የተባለውን ወረቀት ፈልገን አናገኘውም፤ ከራሳችን ላይ ደመወዝ ቆርጠን አናውቅማ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሞ በሥራ አስኪያጅነት ደመወዝ ይከፈለው የነበረ ሰው ግን የሥራ ግብሩን ማስረጃ ማቅረብ ይችላል።

አንዳንዱ ለራሱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጽፍና በሱቁ ማኅተም ይመታዋል። ጻፊው ራሱ፣ የተጻፈለትም ራሱ። ማኅተሙ ላይ ያለው ስምና የአመልካቹ ስም አንድ መሆኑን ለማየት ጊዜ አይፈጅም። እኔ የማያይዘው የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀቱን፣ በየዓመቱ የታደሰውን ንግድ ፈቃድና የየዓመቱን የግብር ደረሰኝ ነው። ሲቪው ላይ ደግሞ "ልምዱ በግል ንግድ የተገኘ ሲሆን በንግድ ፈቃድና በንግድ ሥራ ገቢ ግብር ደረሰኝ ተደግፏል" የሚል መስመር አስገብቻለሁ። መዝጋቢው የሥራ ግብር ወረቀት ፈልጎ ሲያጣ ወደ ጎን እንዳይለው፣ በቦታው ምን እንዳለ ቀድሜ መንገሬ ነው።

እድሳቱን በደንብ እዩት። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። አንድ ዓመት ሳይታደስ ካለፈ፣ ሱቁ ክፍት ቢሆንም እንኳ ያን ዓመት በወረቀት ማሳየት ያስቸግራል። ሲቪ ላይ የምትጽፉት ዘመን ወረቀቱ ከሚያሳየው ዘመን ጋር ይግጠም። ሲቪው በእንግሊዝኛ ከተጠየቀ ደግሞ ፈቃዱ ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ፣ ሳይገለጽ ከቀረ ሁለቱ ወረቀቶች የተለያየ ነገር የሚያወሩ ይመስላሉ።

ሌላው የሚጠበቅ ጥያቄ "ሱቁስ?" የሚለው ነው። በተለይ አከፋፋይ ድርጅት ሲሆን ጥያቄው ተገቢ ነው። ያንኑ ሸቀጥ የሚሸጥ ሱቅ ያለው ሰው፣ እጥረት ሲመጣ ዕቃውን ወደ ራሱ ሱቅ ያዞር ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። "ሱቁ በሚያዝያ 2017 ተዘግቷል፤ ንግድ ፈቃዱም ተመላሽ ተደርጓል" ብዬ ከሥራው ዘመን ሥር ጽፌዋለሁ። ሱቁን ሳትዘጉ የምታመለክቱ ማን እንደሚይዘው ጻፉ። ዝም ማለት ጥርጣሬውን ያባብሰዋል።

የቀረኝ ምስክር ነው። ዘመድ አልፈለግኩም። ዕቃ በዱቤ ይሰጡኝ የነበሩ አንድ ጅምላ ነጋዴ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ አንተ ጻፈው፣ እኔ አይቼ እፈርማለሁ" አሉኝ። ከስንት እስከ ስንት ዓመት ከሳቸው እንደገዛሁ፣ የዱቤው መክፈያ ስንት ቀን እንደነበርና በቀኑ መክፈሌን ብቻ ጻፍኩ። ታታሪ ነው፣ ታማኝ ነው የሚል ቃል አላስገባሁም፤ እንዲያ ዓይነቱ ምስጋና ሁሉም ደብዳቤ ላይ አለ። በራሳቸው ማኅተምና ቲን ቁጥር ነው የሚወጣው፣ ስልካቸውንም ለመስጠት ፈቅደዋል።

ደብዳቤው ሐሙስ ይፈረማል፤ ዓርብ አስገባለሁ። ከእናንተ መካከል በንግድ ሥራ ገቢ ግብር ደረሰኝ መንግሥት መሥሪያ ቤት አመልክቶ ልምዱ የተያዘለት ካለ፣ የትኛውን ወረቀት እንደተቀበሉት ይጻፍልኝ። ቀጥሎ የማመለክተው እዚያ ነው።