አሥራ ሁለት «አዎ»

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አምና ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ድርሰታቸውን ከማስረከባቸው በፊት የሚሞሉት የራስ መፈተሻ ቅጽ አዘጋጅቼ ነበር። ቅጹ 12 ጥያቄዎች ነበሩት፤ «እያንዳንዱ አንቀጽ ኃይለ ቃል አለው?»፣ «ዓረፍተ ነገሮቼ ግልጽ ናቸው?»፣ «ሥርዓተ ነጥቦችን በትክክል ተጠቅሜያለሁ?» የሚሉና እነዚህን የሚመስሉ። በእያንዳንዱ ጥያቄ ትይዩ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ።

58 ድርሰት ተረከብኩ። ቅጾቹን ሳገላብጥ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ላይ 12ቱም ጥያቄዎች «አዎ» ተብለዋል። ድርሰቶቹ ግን ቅጹ ከመኖሩ በፊት ከምቀበላቸው የሚለዩበት ነገር አልነበረም። ተማሪዎቹ ሳያነቡ ምልክት አድርገው የሰጡኝ መስሎኝ በጣም አዘንኩ፤ ተቆጣሁም።

በማግስቱ አንዱን ልጅ ለብቻው ጠራሁት። አባቱ ከጣና ዳር ደንገል እያጨደ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነው፤ ልጁም የጻፈው ስለ ታንኳ አሠራር ነበር። ከሁሉም ድርሰቶች ይበልጥ ጸሐፊው የሚያውቀው ጉዳይ ያለበት የእሱ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ለማንበብ የሚያስቸግረውም የእሱ ነበር። አንዷን ዓረፍተ ነገር አሳየሁት፦

«ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደንገሉን ከሐይቁ ዳር አጭደው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ አስረው፣ ቀላል ስለሆነ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል።»

«ይህ ግልጽ ነው ብለሃል። መልሰህ አንብበኸው ነበር?» አልኩት።

«አዎ መምህር፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«እስቲ አሁን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ።»

አነበበ። ሳይደናቀፍ ጨረሰና ቀና ብሎ አየኝ። ምንም ስሕተት አልታየውም። ያን ጊዜ ልጁ እንዳልዋሸኝ ገባኝ። ሲያነብ የሚያየው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን አባቱን፣ ደንገሉንና ሐይቁን ነው። በልቡ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታውን ይዟል፤ ስለዚህ «ግልጽ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ይላል። ጥፋቱ የቅጹ ነበር። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ አለመሆኑን የሚያውቅበት ዓይን ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ እንዲያ አይጽፈውም። ቅጹ የሚጠይቀው ገና ልናስተምረው የምንፈልገውን ፍርድ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩለት። «ማሰሪያ አንቀጹን ክበብበት» አልኩት። «ይንሳፈፋል» የሚለውን ከበበ። «አሁን የሚንሳፈፈው ማን እንደሆነ ፈልግና ከክቡ እስከ ባለቤቱ መስመር ሳብ።» እስክሪብቶውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። «አስረው» ላይ ቆመ፤ «አድርቀው»ን አለፈ፤ «አጭደው»ን አለፈ፤ «ሰዎች» ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«መምህር፣ ሰዎቹ ተንሳፈፉ እኮ!»

ይህ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመኝ ስሕተት ነው። ቋንቋችን ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ «አጭደው»፣ «አድርቀው»፣ «አስረው» እያሉ ቦዝ አንቀጾችን መደርደር ቀላል ነው። ድርድሩ ሲረዝም ጸሐፊው የጀመረበትን ባለቤት ይረሳና በሌላ ባለቤት ያስራል። ጆሮ ደግሞ ዜማውን ስለሚወድ ዝም ብሎ ያልፈዋል። መስመሩን በእጅ መሳብ ግን ዓይንን ያስገድዳል። ልጁ እዚያው ተቀምጦ እንዲህ አስተካከለው፦ «ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደንገሉን ከሐይቁ ዳር አጭደው ፀሐይ ላይ ካደረቁ በኋላ በነዶ በነዶ ያስሩታል። ደንገል ቀላል ስለሆነ ታንኳው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል።» እኔ አንድም ቃል አልነገርኩትም።

ያን ዕለት ማታ ቅጹን እንደገና ጻፍኩት። ከ12 ጥያቄዎች ወደ 4 ትእዛዞች ወረደ፤ «አዎ» የሚባልበት ሳጥንም አልቀረም። የመጀመሪያው፣ በእያንዳንዱ አንቀጽ ትይዩ በኅዳጉ ላይ አንቀጹ ስለ ምን እንደሚናገር ከአምስት በማይበልጡ ቃላት መጻፍ ነው፤ ሁለት ነገር ለመጻፍ የተገደደ ተማሪ አንቀጹ ሁለት መሆን እንዳለበት ያያል። ሁለተኛው፣ ኃይለ ቃሉ የትም ይሁን የት ከሥሩ ማስመር ነው። ሦስተኛው፣ ከሁለት መስመር በላይ በሄደ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ላይ ማሰሪያውን ከብቦ እስከ ባለቤቱ መስመር መሳብ ነው። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ መጨረሻ ላይ አራተኛ ሆነው ቀረቡ። ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ተማሪዎቼ መፈተሽ ሲባሉ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ «ሰ» እና «ሠ» ነበር፤ ኋላ የሚሰረዝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፊደል ሲያርሙ ጊዜያቸው ያልቃል፤ ወረቀቱ አንዴ ንጹሕ መስሎ ከታየ ደግሞ ዋናውን ነገር ለመንካት እጃቸው ይሳሳል።

ሌላም ያስተካከልኩት ነገር አለ። ቀድሞ ቅጹን የሚሞሉት ጽፈው በጨረሱበት ቅጽበት ነበር። አሁን ድርሰቱን ሰብስቤ አሳድራለሁ፤ በማግስቱ ከክፍለ ጊዜው 25 ደቂቃ ሰጥቼ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ እንዲፈትሹ አደርጋለሁ። አንድ ሌሊት ያደረ ጽሑፍ በጥቂቱም ቢሆን የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። የቀለሙ ልዩነት ደግሞ ለእኔ ነው፤ ምን እንደተለወጠ በአንድ እይታ ያሳየኛል።

እዚህም ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። በሁለተኛው ዙር አንዳንዶቹ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ምንም ሳያስቡ እያሰመሩ አለፉ፤ ኃይለ ቃል ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ይመጣል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ይህን የማውቀው በኅዳጉ ላይ ከጻፉት ጋር ሳስተያየው ነው። ኅዳጉ «እምቦጭ ታንኳን እንዴት እንደሚያስቸግር» እያለ የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር ስለ ደንገል አቆራረጥ ከሆነ፣ አንዱ ቦታውን ስቷል። ስለዚህ አሁን ሁሉንም ድርሰት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላርምም፤ ምልክቶቹን ብቻ እያየሁ የማይጣጣሙት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ እመልሳለሁ። ለምልክቶቹ ማርክ አልሰጥም፤ ማርክ ከሰጠሁ ምልክቱ ለእኔ ሲባል የሚደረግ ይሆናል።

ቅጹ የማይደርስበትም አለ። «ሠራ» በየትኛው ሠ እንደሚጻፍ የማያውቅ ተማሪ ሺህ ጊዜ ቢፈትሽ አያገኘውም። እንዲህ ያለውን ማስተማር የእኔ ሥራ ነው። ለዚህም አምስተኛውን መስመር ባዶ ተውኩት፤ እያንዳንዱ ተማሪ ካለፈው ድርሰቱ የተደጋገመበትን አንድ ስሕተት መርጦ በራሱ ቃል ይጽፍበታል፤ ሲያሸንፈው ይሰርዘውና ሌላ ይተካል።

የታንኳ ሠሪው ልጅ የመጀመሪያው አምስተኛ መስመር «ማን ነው የሚንሳፈፈው?» የሚል ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሰርዞት ነበር፤ ከሥሩ በአዲስ ቀለም የጻፈው «አባቴን ያላየ ሰው ይህ ይገባዋል?» ይላል።