የፔንዱለም ስታቢሊቲ በኢነርጂ ፕሩፍ ያደረግኩት እንዲህ ነው

ኮንትሮል ስንማር ፔንዱለምን ሊኒየራይዝ አድርገን ኢጂንቫልዩ አወጣንና "ስታብል ነው" ብለን አለፍን። እኔን የከነከነኝ ግን ያ ስሌት የሚናገረው ለታችኛው ነጥብ በጣም ቅርብ ስለሆነው ብቻ መሆኑ ነው፣ 90 ዲግሪ ላይ ይዤ ብለቀውስ? እዚህ አዳማ ባጃጅ ከሚጠግን ጓደኛዬ አሮጌ ኩሽኔታ ተቀበልኩና ግማሽ ሜትር ቀጭን ብረት አስበይጄ ጫፉ ላይ ከባድ ዳዶ አሰርኩበት፣ ከዛ ወረቀትና እስኪርብቶ።

θ ከታች የሚለካው አንግል፣ ω ፍጥነቱ፣ k ፍሪክሽኑ ከሆኑ፦

```
θ' = ω
ω' = -(g/l) sin θ - k ω
V  = ω²/2 + (g/l)(1 - cos θ)
```

V ያው ኢነርጂው ነው፣ በክብደቱና በርዝመቱ ስኩዌር ተካፍሎ። ታች ቆሞ ሲሆን ዜሮ፣ እዛው አካባቢ ሌላ ቦታ ሁሉ ፖዘቲቭ። አሁን ደሪቬቲቩን ስትወስዱና ω' የሚለውን ከላይ ስትተኩ ሁለቱ sin θ ያላቸው ተርሞች ይጣፋሉና `V' = -kω²` ብቻ ይቀራል። የሊያፑኖቭ ሀሳብ (በ1892 ነው ያወጣው) ደስ የሚለው እዚህ ጋ ነው፣ ኢኩዌሽኑን ሶልቭ ሳታደርግ፣ θ በየሰከንዱ የት እንዳለ ሳታውቅ፣ ኢነርጂው እንደማይጨምር ታውቃለህ። ስለዚ ፔንዱለሙ ከጀመረበት ኢነርጂ በላይ መውጣት አይችልም፣ ስታብል ነው።

ግን ስታብል ማለት ይቆማል ማለት አይደለም። V' ዜሮ የሚሆነው ታች ሲቆም ብቻ ሳይሆን ω ዜሮ በሆነበት ሁሉ ነው፣ ማለትም ዳዶው ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ባለችው ቅጽበትም። በስልክ ስሎው ሞሽን ቀርጬ ከቪዲዮው V ሳሰላ ግራፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ እንደ ደረጃ ነው፣ በየመመለሻው ላይ ጠፍጣፋ ይሆንና መሀል ላይ ሲፈጥን ቁልቁል ይወርዳል። ታዲያ ከደረጃዎቹ አንዱ ላይ ተቀምጦ እንደማይቀር በምን እናውቃለን?

መልሱ የላሳል ቲዎረም ነው፣ ጥያቄውም "እዛ መቆየት ይችላል ወይ?" የሚል ብቻ ነው። ω ዜሮ ሆኖ እንዲቆይ ω' ም ዜሮ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ sin θ ዜሮ ነው ማለት ነው፣ ወይ ታች ወይ ተገልብጦ አናት ላይ። አናት ላይ ለመድረስ V ቢያንስ 2g/l መሆን አለበት፣ በኔ ግማሽ ሜትር 39.2 ማለት ነው። 90 ዲግሪ ላይ ዝም ብዬ ስለቀው V 19.6 ነው፣ ግማሹ፣ ስለዚ ታች ከመቆም ሌላ አማራጭ የለውም። ከታች ገፍቼ ካስነሳሁት ደግሞ ዋስትናው እስከ 8.85 ራዲያን በሰከንድ ድረስ ነው። ከዛ በላይ ከሆነ ተገልብጦ ሊዞር ይችላል፣ ፕሩፉ ዝም ይላል እንጂ አይቆምም አላለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

አብሮኝ የሚማር ልጅ "ላሳልን ሳትጠራ አሳየኝ እስቲ" አለኝ። ይቻላል፣ V ላይ θ እና ω የተባዙበት ተርም መጨመር ነው፦

```
W  = V + (k²/4)θ² + (k/2)θω
W' = -(k/2)ω² - (k/2)(g/l) θ sin θ
```

አሁን ዳዶው ጫፍ ላይ ω ዜሮ ቢሆንም ሁለተኛው ተርም አለ፣ θ 180 ዲግሪ እስካልደረሰና ዜሮ እስካልሆነ ድረስ W' ኔጌቲቭ ነው፣ ጠፍጣፋ ደረጃ የሚባል ነገር ጠፋ። በግሌ ላሳልን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም W ን ማግኘት ኮኤፊሸንት ፍለጋ ነው፣ V ግን ከፊዚክሱ በነፃ ይመጣል።

በተግባር ግን ዳዶው መጀመሪያ ላይ ትክክል ታች አልቆመም፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ቀረ። ቲዎረሙ አልተሳሳተም፣ ኩሽኔታው አቧራ ስለጠጣ ፍሪክሽኑ ከፍጥነት ጋር የሚቀንስ kω ሳይሆን ደረቅ ሆኗል፣ ደረቅ ፍሪክሽን ደግሞ ፍጥነት ዜሮ ሲሆንም ይይዛል። V አሁንም አይጨምርም፣ ግን "እዛ መቆየት ይችላል ወይ?" ስትል የግራቪቲው ጉተታ ከፍሪክሽኑ ባነሰበት ቦታ ሁሉ መልሱ አዎ ነው፣ ላሳልም የሚሰጥህ አንድ ነጥብ ሳይሆን ጠባብ ክልል ነው። የትኛው ፍሪክሽን እንዳለባችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ በትንሽ አንግል አወዛውዙትና የጫፎቹን አንግል በተከታታይ ጻፉ፣ በየዙሩ በእኩል ሬሾ ከቀነሰ kω ነው፣ በእኩል ዲግሪ ከቀነሰ ደረቁ ነው። የኔው በእኩል ዲግሪ ነበር የሚቀንሰው፣ ኩሽኔታውን በናፍታ አጥቤ ቀጭን ዘይት ስቀባው ወደ ሬሾው ተጠጋ፣ አቋቋሙም ወደ ዜሮ።