በሳሙና የታጠበውን ምጣድ እንዴት መልሼ እንዳሟሸሁት

ሸክላ ምጣድ በሳሙና አይታጠብም። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ለእንግድነት የመጣች ዘመዳችን ግን ሥራ ውዬ ስመለስ የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን በፈሳሽ ሳሙናና በሽቦ ፈግፍጋ ጠበቀችኝ። ልታግዘኝ ብላ ነው፤ ምን ይባላል? ጥቁርና አንጸባራቂ የነበረው ፊቱ ቡናማ ሆኖ ደብዝዟል። በነጋታው ሊጥ ስጥልበት እንጀራዋ አልነሳ አለች። ሰፌዱን ሳስጠጋ መሃሏ ተቀደደ፤ የቀረው ተጣብቆ አረረ። ሽታውም የሳሙና ነው።

ጎረቤቴ ሰምታ መጣችና «ኧረ አቦ! ምጣድ ልብስ ነው እንዴ በሳሙና የሚታጠበው?» ብላ ሳቀችብኝ። ከሳቋ በኋላ ግን ነገሩን አስረዳችኝ። ያ ጥቁር ፊት እድፍ አይደለም። የጎመን ዘር ዘይት በግለት ብዛት ሸክላው ላይ ደንድኖ የቀረ ሽፋን ነው። እንጀራው እንዳይጣበቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ሽቦው ሽፋኑን ፋቀው፤ ሸክላው ደግሞ የሳሙናውን ውሃ ጠጣ። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው መውጣት አለበት፤ ማሟሸቱ ከዚያ በኋላ ነው። እርጥብ ሸክላ ላይ ቢሟሽ ሽፋኑ አይይዝም፣ ይላጣል።

ሶኬቱን ነቅዬ ምጣዱን ፀሐይ ላይ አዘንብዬ አቆምኩት። የሚያግለው የኤሌክትሪክ ሽቦ የተቀበረው ከሸክላው ሥር ስለሆነ እንደረጠበ መሰካት አደገኛ ነው፤ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የድሬ ፀሐይ ለዚህ ሥራ የምትሰጥ ናት። ሐረር ቢሆን አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ሲደርቅ ሰካሁት፤ ለብ ሲል አጠፋሁት፤ ሲበርድ እንደገና። ባንዴ ማጋል ጥሩ አይደለም። ውስጥ የቀረው ውሃ ድንገት እንፋሎት ሲሆን ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። መድረቁን የማውቀው በክዳኑ ነው። ለብ ባለው ምጣድ ላይ ክዳኑን ገጥሜ ትንሽ ቆይቼ እከፍታለሁ። የክዳኑ ውስጥ ጠብታ ካለበት ገና ነው። ጠብታው እስኪጠፋ ደጋገምኩት። ከዚያ ደረቅ ጨው በትኜ በጨርቅ አሸሁት። ያረረው ሊጥ በጨው ይለቃል። ጨውን ጠርጌ ጣልኩ።

አሁን ጎመን ዘር። ከፊራ ገበያ እንደልብ ይገኛል። በትንሹ ወቅጬ፣ ምጣዱ በደንብ ሲግል አንድ እፍኝ ያህል በተንኩበት። በማሰሻ ከመሃል ወደ ዳር እያዞርኩ አሸሁት። ይጨሳል፤ በርና መስኮት ይከፈት። ዘሩ ሲጠቁርና ጭሱ ሲቀንስ ጠርጌ አወጣሁት፤ ትንሽ አቀዝቅዤ አዲስ ዘር ጨመርኩ። ዳር ዳሩን አትርሱ። ሽቦው ብዙ ጊዜ እስከ ጫፍ ስለማይደርስ ዳሩ ቶሎ አይሟሽም። የእኔም መሃሉ ጠቁሮ ዳሩ ገና ቡናማ ነበር።

«የምግብ ዘይት ባፈስበትስ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። አይሆንም። ፈሳሽ ዘይት ሲበዛ ደርቆ አይደነድንም፤ ሙጫ ይሆናል። ምጣዱ በርዶ ጣት ሲነካው የሚይዝ ከሆነ ዘይት በዝቶበታል ማለት ነው። ያኔ ባዶውን አግሎ በጨው ማሸት ነው። የተወቀጠው ዘር ግን ዘይቱን ጥቂት በጥቂት ነው የሚለቀው። ቅቤ ለበዛበት ፍትፍትም የእንጀራ ምጣድ አልጠቀምም፤ ቅቤው ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ይከረፋል። ጎረቤቴ ላሆህ የምትጋግረው በብረት መጥበሻ ነው። ብረት ቢታጠብም ወዲያው ከደረቀና ዘይት ከነካው አይዝግም፤ የሸክላ ሕግ እሱን አይመለከተውም።

ሙከራውን በማንኪያ ሊጥ አደረግሁ፤ አንዱን መሃል፣ አንዱን ዳር። የመሃሉ ሲበስል ጠርዙ ራሱ ተነሳ። የዳሩ ያዘ። ዳሩን ብቻ እንደገና በጎመን ዘር አሸሁት። ቀጥሎ የጋገርኳት ሙሉ እንጀራ ሳትቀደድ ወጣች፤ ዓይኗም ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋግሬ ስጨርስ ገና ትኩስ እያለ የቀረውን በእንጨት ፍቄ በደረቅ ማሰሻ አብሳለሁ። እርጥብ ጨርቅ አላስነካም። የድሬ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ኖራ ይተዋል፤ ጀበናችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ክዳኑን የምገጥመው ጨርሶ ሲበርድ ነው፤ ቀድሞ ከተገጠመ እንፋሎቱ ተመልሶ ሸክላው ላይ ያርፋል።

የተሰነጠቀ ምጣድ ግን በማሟሸት አይድንም። ከመግዛታችሁ በፊት በጣት ኳኳ አድርጉት፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። የኤሌክትሪኩ ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ሊጡ ወደ ሽቦው ይወርዳልና ሸክላው ሳይቀየር አይሰካ።