ነገ የተናደደ ደንበኛ ነኝ

ሐምሌ ሲገባ ጎንደር ሰውን ያለ ምክንያት ታስከፋለች። ከሰዓቱን ሙሉ ዝናብ ነው፤ መብራት ሄዷል፤ ቡናውም አልጣመኝ። እንዲህ ሆኜ ተቀምጬ የማ. ልጅ በሩን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት የተናደደ ደንበኛ ሁኑልኝ። ሐሙስ የኮል ሴንተር ፈተና አለብኝ» አለች። ለመናደድስ ነገን መጠበቅ አያስፈልገኝም ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ ግን ምን ዓይነት ደንበኛ እንደምሆንላት ማሰብ ጀመርሁ። በዚህ ፈተና ፈታኙ ደዋይ ይሆናል፣ ተፈታኟ ስልክ አንሺ። አንድ ካርድ ይሰጧታል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታነበዋለች፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ገደማ ስልክ ላይ እንዳሉ ሆነው ይነጋገራሉ። አንዳንዱ ፈታኝ ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል፣ ድምፅ ብቻ እንዲቀር። ተፈታኞች ብዙ ጊዜ ልብ የማይሉት ነገር የፈታኙ ካርድ ከእነሱ ካርድ ረዘም ያለ መሆኑን ነው። እዚያ ላይ «ካቋረጠችህ ድምፅህን ከፍ አድርግ»፣ «ካልጠየቀችህ ይህን አትናገር» የሚሉ ትእዛዞች አሉ። ስለዚህ የፈተናው ግማሽ ያለው ደዋዩ ሳይጠየቅ በማይናገረው ነገር ውስጥ ነው።

እኔ የምሆነውን ደንበኛ በሐሳቤ ቀረጽሁት። አዘዞ ሱቅ አለው። ዛሬ ሳይሆን ትናንት ጠዋት ለዘይት አከፋፋዩ 4,200 ብር በሞባይል ላከ፤ የቁጥሩ መጨረሻ 74 መሆን ሲገባው 47 ብሎ ነካ። ብሩ የማያውቀው ሰው ዘንድ ገባ። ሲደውል እንዲህ ይላል፦ «ስሚኝማ! አራት ሺህ ሁለት መቶ ብሬን የት አደረሳችሁት? ትናንት ብደውል ‹ተመልክተን እንደውላለን› አላችሁ፤ ይኸው እስካሁን ማንም የለ! ዘይት የጫነው ሰውዬ በር ላይ ቆሞብኛል! ሌቦች ናችሁ!»

እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ብሩ አለ፤ ትናንት ሳይመለስ የቀረው ስልክ አለ፤ በር ላይ የቆመው አከፋፋይ አለ። አብዛኛው ተፈታኝ ብሩን ይሰማና ወደ እሱ ይሮጣል። ሰውዬውን ያቃጠለው ግን ትናንት የተናቀው ነው፤ የሚያስቸኩለው ደግሞ ዘይቱ። ብሩን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያንኑ ጩኸት እንደገና ይሰማል፣ ምክንያቱም ደዋዩ ያልተሰማለትን ነገር ከፍ ባለ ድምፅ ይደግመዋል። ፈታኝ ሆኖ ለተቀመጠ ሰው ይህ ቀላል መለኪያ ነው፦ አንድ ቅሬታ ሁለተኛ ጊዜ ከተነገረ፣ መጀመሪያ ሲነገር አልተሰማም ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዝም ማለት ነው። ሰውዬው እስኪጨርስ ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለተፈታኝ ግን ግማሽ ሰዓት ይመስላታል። ያም ሆኖ ፍጹም ዝምታ አይሠራም። እኛ ፊት ለፊት ስንሰማ ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን። መነቅነቁ በስልክ አይታይም፤ ያ የትንፋሽ አዎታም በሄድሴቱ ማይክሮፎን ሲያልፍ የተሰላቸ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። በአጭሩ፣ በጠራ ድምፅ «እየሰማሁዎት ነው» ማለት ይሻላል፣ አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሰውዬው አየር ሲስብ እንጂ ቃሉ መሐል አይደለም። በእጅ ደግሞ እስክሪብቶ ይያዛል፦ 4,200፣ ትናንት፣ ዘይት። ሦስት ቃል ይበቃል፤ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የጀመረ መስማት ያቆማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው ብዙውን የሚጥለው። «ይረጋጉ» ማለት ቤንዚን ነው። «ስሜትዎ ይገባኛል» ደግሞ ለማንም የሚባል ስለሆነ ለማንም አይሆንም። የሚሠራው ሰውዬው ራሱ የተናገረውን ነገር በአጭሩ መልሶ መንገር ነው፦ «ለአከፋፋዩ የላኩት 4,200 ብር ሌላ ሰው ዘንድ ገብቶ፣ ትናንት ደውለው ሳይመለስልዎት፣ አሁን ደግሞ ሰውዬው በር ላይ እየጠበቀዎት ነው። ቢቆጡ እውነትዎን ነው። ትናንት ስላልደወልንልዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ይቅርታው የት ላይ እንዳረፈ ይታይ። ቁጥሩን የተሳሳተው እሱ ነውና «ጥፋቱ የእኛ ነው» ማለት ውሸት ነው፤ «እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት» ማለት ደግሞ እሳቱን እንደገና መጫር ነው። ያልተደወለው ስልክ ግን የድርጅቱ ነው፣ ስለዚህ ይቅርታው እዚያ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ስለ ቁጥሩ «የገባው በ47 የሚያልቅ ነው» ይባላል፣ ማን ነካው ሳይባል። ትናንት ስልኩን ያነሳችውን ባልደረባ ማማትም የለም፤ ለደዋዩ ሁሉም አንድ ቤት ናቸው።

እሱ «አንቺ» እያለ ቢጮህም እሷ ከ«እርስዎ» መውረድ የለባትም። ድምፅም እንደዚሁ ነው፦ ከእሱ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ዘገም። በጣም ለስልሶ ከወረደ ግን እንደ ሕፃን ያባበሉት ይመስለዋል፣ ያኔ ሌላ ጠብ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ። ሙሉ ስም፣ የደወለበት ቁጥር፣ መልእክቱ ላይ ያለው የግብይት ቁጥር፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ሊልክ የፈለገበት ቁጥር። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ አይጠየቅም፤ አንድ በአንድ፣ ለምን እንደተፈለገ ተነግሮ፦ «ዝውውሩን ለማግኘት የግብይት ቁጥሩን ቢነግሩኝ?» ሰዓቱ ላይ የኛ አገር ወጥመድ አለ። ሰውዬው «ሦስት ሰዓት ከአርባ» ይላል፤ መልእክቱ ላይ የተጻፈው 09:40 ነው። ሳታጣራ 3:40 ብላ የመዘገበች ልጅ ዝውውሩን አታገኘውም። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ መልእክቱ ላይ 09:40 የሚለው ነው?» ብላ መልሳ መጠየቅ አለባት። ስልክ ቁጥርም አንድ አሃዝ በአንድ አሃዝ ይነበባል፦ አራት፣ ሰባት። ሰውዬው ችግር ውስጥ የገባው እነዚህ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠውበት ነው፤ አሁን በችኮላ ማንበብ ያንኑ ስህተት መድገም ነው።

እኔ እዚህ ጋ ሁለት ጉድጓድ እቆፍርላታለሁ። አንደኛው፣ ሰውዬው ቶሎ እንዲያልቅለት «የሚስጥር ቁጥሬ...» ብሎ መናገር ይጀምራል። በዚህ ጨዋታ ደዋይን ማቋረጥ የሚፈቀድበት፣ እንዲያውም ግዴታ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው፦ «ይቅርታ ላቋርጥዎት፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ለእኔም ቢሆን አይንገሩ።» እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት የሰማች ልጅ በትዕግሥቷ ብዛት ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ትሰማለች፣ ነጥቧም ይሄዳል። ሁለተኛው፣ «ብሬን የበላው ሰውዬ የት ሰፈር ነው? ማራኪም ይሁን አራዳ ንገሪኝ፣ እኔ እሄድበታለሁ» ይላል። መልሱ አጭር ነው፦ «የሌላ ደንበኛ መረጃ መስጠት አልችልም፤ የእርስዎንም ለማንም አንሰጥም። ሰውዬውን የሚያናግረው የእኛ ክፍል ነው።» አልችልም ካሉ በኋላ የሚቻለው ወዲያው መከተል አለበት፤ አልችልም ብሎ ዝም ካሉ ሰውዬው ባዶውን ቦታ በስድብ ይሞላዋል።

መፍትሔው ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ተፈታኝ ሲጨንቃት ደግ ትሆናለች፦ «ብርዎን አሁኑኑ መልሼልዎታለሁ።» ደዋዩ ይደሰታል፣ ትወናውም ያምራል፣ ነጥቡ ግን ዜሮ ነው። ብሩ ሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ነው፤ ስልክ አንሺ ከሰው ኪስ አውጥታ ልትመልስ አትችልም። ካርዷ የሚፈቅድላት አቤቱታውን መዝግባ ለማጣሪያ ክፍል መላክ ነው፤ በእኔ ካርድ ላይ ክፍሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመልሳል ብዬ ጽፌያለሁ። ብሩ ካልወጣ ሊታገድና ተቀባዩ ሲስማማ ሊመለስ ይችላል፤ ወጥቶ ከሆነ ነገሩ ይረዝማል። ይህን ሳትደብቅ መናገር አለባት፦ «አሁን መዝግቤ ልኬዋለሁ፣ የአቤቱታ ቁጥርዎ ይኸው፣ ይጻፉልኝ። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም፤ ነገ እስከዚህ ሰዓት ግን ውጤት ኖረም አልኖረም ይደወልልዎታል።» ይህ የመጨረሻው ሐረግ ለትናንቱ ንቀት የተሰጠ መልስ ነው። ዘይቱስ? እሱን አትፈታውም። ግን «ለአከፋፋዩ ብሩ ዛሬ እንደማይደርስ አስቀድመው ይንገሩት» ልትለው ትችላለች። ሰውዬው መስማት ባይፈልገውም፣ በከንቱ ተስፋ ሲጠብቅ ከሚውል ይህ ይጠቅመዋል።

መዝገብ እያየች ዝም የምትል ከሆነም ይበላሻል። በፈተናው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር የለም፤ ስለዚህ የምታደርገውን መናገር አለባት፦ «ዝውውሩን እየፈለግሁ ነው።» ሆልድ፣ ማለትም ደዋዩን መስመር ላይ ማስጠበቅ፣ ካስፈለገ ትጠይቃለች፣ ለምንና ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ትናገራለች። ሁለት ደቂቃ ካለች፣ ባይሳካም በሁለተኛው ደቂቃ ትመለሳለች።

ይህን ሁሉ ጻፍሁና የራሴን ካርድ መልሼ ሳነብ መጨረሻው ላይ የተለመደውን መስመር አገኘሁ፦ «ሁሉንም በትክክል ካደረገች ደንበኛው ይረጋጋል።» ማን ነው ይህን የጻፈው? እኔ። እውነተኛው ደዋይ ይህን ካርድ አላነበበም። ሁሉ በትክክል ተደርጎለት፣ የአቤቱታ ቁጥሩን ተቀብሎ፣ «ድሮም ከእናንተ ምን ይገኛል!» ብሎ ጆሮዋ ላይ የሚዘጋ ሞልቷል። የነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ ለዚህ ሳጥን የለም፤ «ደንበኛው ረክቷል» ወይም «አልረካም» ብቻ ነው ያለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ነጥብ ይቀንሳል። እንግዲህ ነገ እምቢ ብዬ እስከ መጨረሻው ብቆጣባት እያስተማርኋት ነው ወይስ የዝናቡን ንዴት በሰው ልጅ ላይ እየተወጣሁ? ብረጋጋላትስ፣ ለየትኛው ሥራ ነው የማዘጋጃት?